ለአይኤልትስ ቀላል ቃላቴን በከባድ ቀየርኩ፣ ጽሑፉ ግን ባሰበት

የሺ_ሽምብጥ

ሰላም እናንተ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ለአካዳሚክ አይኤልትስ እየተዘጋጀሁ ነው። ሪዲንጉም ሊስኒንጉም አያስፈራኝም። ያስቸገረኝ ራይቲንግ ነው፣ በተለይ ታስክ 2፣ ያ በ40 ደቂቃ 250 ቃል የሚጻፍበት። ጽሑፌን ያየልኝ ሰው «ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ቃላትሽ ግን የስምንተኛ ክፍል ነው» አለኝ። ተናደድኩና ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የሲኖኒም ዝርዝር አውርጄ ቀላሉን ሁሉ በከባድ ተካሁት። መልሼ ሳሳየው ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ግን ሊያስረዳኝ አልቻለም፣ «እንዲህ አይባልም» ብቻ።

ጥያቄው የአካባቢን ችግር መፍታት የመንግሥት ሥራ ነው ወይስ የግለሰቦች የሚል ነበር። እኔም የጣናን እምቦጭ ምሳሌ አደረግኩ። የስልኬን ፊደል እየቀያየርኩ መጻፍ ስለሚያደክመኝ እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል እጽፈዋለሁ፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ እምቦጭ ለሐይቁ ዳር ሰው ቢግ ፕሮብለም ነው። በፍጥነት ስፕሬድ ያደርጋል። ዓሣ ኪል ያደርጋል፣ ጀልባ ስቶፕ ያደርጋል። ዓሣ አጥማጆች ትንሽ ዓሣ ብቻ ጌት ያደርጋሉ።

ከቀየርኩት በኋላ፦ ቢግ ፕሮብለም የነበረው ኮሎሳል ፕሪዲካመንት ሆነ። ስፕሬድ ወደ ኤስካሌት፣ ኪል ወደ መርደር፣ ስቶፕ ወደ ሲስ፣ ጌት ወደ ኦብቴይን ተቀየሩ።

ምኑ ነው የሚያስቀው? ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ሲኖኒም ናቸው ይላል።

ዳዊት_ፖሊ

ሃሃ ይቅርታ የሺ፣ «እምቦጩ ዓሣውን መርደር አደረገ» የሚለው ላይ እኔም ሳቄ መጣ። ፖሊስ ይጠራ!

ቀልዱን ትተን ችግርሽ የዝርዝሩ ጥራት ነው። የቴሌግራሙን ጣይውና አካዳሚክ ወርድ ሊስት የሚባለውን ያዢ። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ በ2000 ያወጣችው ነው፣ 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት፣ የተወሰዱትም ከእውነተኛ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ነው። እሱን በቃልሽ ያዢና በየዓረፍተ ነገሩ አንድ አንድ ጣል አድርጊ። ደግሞ አንድን ቃል ሁለት ጊዜ እንዳትጠቀሚ። ፈታኞቹ ድግግሞሽ ካዩ ነጥብ ይቀንሳሉ።

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

ዳዊት ግማሹን ልክ ብለሃል። ዝርዝሩ ደኅና ዝርዝር ነው፣ ለንባብ በጣም ይጠቅማል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኦብቴይን እና ሲስ እዚያው 570ው ውስጥ አይደሉም እንዴ? አሉበት። የሺ ሁለቱንም ተጠቅማ ሁለቱንም ሳተች። ስለዚህ ጉድለቱ የቴሌግራም ዝርዝር ስለሆነ አይደለም። የትኛውም ዝርዝር ቃሉን ለብቻው አቁሞ ነው የሚሰጥሽ። ቃል ግን ብቻውን አይኖርም፣ ከማን ጋር እንደሚውል ማወቅ አለብሽ።

ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሞተ፣ አረፈ፣ ተሰዋ የሚሉት ሦስቱ በአማርኛ አንድ ነገር ናቸው ብሎ ዝርዝር የሚያወጣ የውጭ ሰው ይኖራል። ያንን ዝርዝር ይዞ «በእምቦጩ ምክንያት ብዙ ዓሣ ተሰዋ» ቢልሽስ? መርደርም እንደዚያው ነው። ሰው ሰውን ሆን ብሎ ሲገድል ነው መርደር የሚባለው። አረም ሐሳብ የለውም፣ ዓሣም ሰው አይደለም። ሰውየው የሳቀው በዚህ ነው።

ሌሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው፣ ምክንያቱም የእያንዳንዳቸው ስሕተት ዓይነቱ ይለያያል።

ሲስ ማቆም ነው፣ እውነት ነው። ግን ማቆሙ የራስ ነው። ዝናቡ ሲስ ያደርጋል፣ ፋብሪካው ማምረት ሲስ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን ሲያስቆም፣ ማለትም አረሙ ጀልባውን ሲያስቆም፣ ሲስ አይሆንም። እዚህ የተሳሳተው ትርጉሙ ሳይሆን ሰዋስዉ ነው። ስቶፕ ለሁለቱም ይሠራል፣ ሲስ ግን ያን ያህል ሰፊ አይደለም። አረሙ ጀልባውን ብሎክ ያደርጋል በይ፣ በቃ።

ኦብቴይን አመልክተሽ፣ ጠይቀሽ፣ ጥረሽ የምታገኚው ነገር ነው። ፈቃድ፣ ቪዛ፣ መረጃ፣ ዲግሪ። ዓሣ ግን ካች ነው የሚደረገው። እዚህ ላይ ልብ በይ፣ ትክክለኛው ቃል ከኦብቴይን ይልቅ ቀላል ነው። ጌት የሚለው ደካማ የሆነው አጭር ስለሆነ አይደለም፣ ለሁሉም ነገር ስለሚሠራ ምንም ስለማይናገር ነው።

ኤስካሌት ደግሞ መጥፎ ቃል አልነበረም። የተቀመጠው ማን ላይ እንደሆነ ነው ነገሩ። ውጥረት፣ ግጭት፣ ወጪ ኤስካሌት ያደርጋሉ፣ ችግሩ ራሱ ኤስካሌት ያደርጋል። ተክል ግን አያደርግም። ተክል ስፕሬድ ያደርጋል፣ ከፍ ማድረግ ከፈለግሽ ደግሞ ፕሮሊፈሬት ያደርጋል። ይሄኛው ለሚራባ ነገር ነው የሚሆነው፣ ለሴልም ለአረምም። ብቻ ከኋላው ተሳቢ አታስከትይበት። አረሙ ሐይቁን ፕሮሊፈሬት አደረገ አይባልም፣ አረሙ ሐይቁ ላይ ፕሮሊፈሬት አደረገ ነው።

ፕሪዲካመንት ሰው የገባበት ጣጣ ነው። ዓሣ አጥማጁ ፕሪዲካመንት ውስጥ ነው ቢባል ያስኬዳል፣ እምቦጩ ራሱ ግን ፕሪዲካመንት አይደለም። ኮሎሳል ደግሞ ከስሕተትና ከብክነት ጋር ሲውል አያለሁ፣ ፕሮብለምን ግን ሲሪየስ ወይም ሜጀር የሚሉት ቅጽሎች ናቸው የለመዱት። ፕሮብለምን ራሱን መቀየር አያስፈልግሽም ነበር። ቅጽሉን ብቻ ብትቀይሪ ይበቃ ነበር።

የሺ_ሽምብጥ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። «ተሰዋ» ስትሉ ገባኝ። ግን እርስዎ ይህን ሁሉ በልምድ ነው የሚያውቁት፣ እኔ ፈተና ላይ ተቀምጬ ሲስ ተሳቢ ይወስዳል አይወስድም ብዬ ከየት አመጣዋለሁ?

ብርቱካን_ነርስ

እኔም ከዚሁ ከተማ ነኝ፣ ግን የምፈተነው ኦኢቲ ነው፣ የጤና ባለሙያዎች ፈተና። የእኔ ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። የኛ ራይቲንግ አብዛኛውን ጊዜ የሕመምተኛ ደብዳቤ ነው፣ ሪፈራል ወይም ዲስቻርጅ። የዳዊት ዓይነት ምክር ሰምቼ ቃል ላለመድገም ስል አንዷን ቁስል መጀመሪያ አልሰር፣ ቀጥሎ ዉንድ፣ ቀጥሎ ኢንጁሪ ብዬ ጻፍኩ። ያረመችልኝ ልጅ «ሕመምተኛዋ ስንት ቁስል ነው ያላት?» አለችኝ። ለካ የሚያነበው ሐኪም ስሙ ሲቀየር ሌላ ቁስል ይመስለዋል። አሁን አንዴ አልሰር ካልኩ እስከ መጨረሻው አልሰር ነው።

ለአይኤልትስም እንደዚያ ነው ወይ? እዚያ ድግግሞሽ ያስቀጣል ሲሉ እሰማለሁ።

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

ብርቱካን እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። አይኤልትስ ላይ የደብዳቤውን ያህል ጥብቅ አይደለም፣ ቃላት ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፣ የራይቲንግ ውጤትሽ ሩብ ማለት ነው፣ ስለዚህ ስፋት ይታያል። ሆኖም የምትናገሪለት ነገር ስም አይቀያየርም። የሺ ስለ እምቦጭ እየጻፈች ዊድ የሚለውን ወደ ኸርብ ብትቀይረው ለሻይ የሚሆን ቅጠል ሆነ ማለት ነው! ዊድ ብላ ጀምራ፣ ቀጥሎ ኢት፣ ቀጥሎ ዘ ፕላንት፣ ካስፈለገ ዲስ ኢንቬሲቭ ስፒሺስ ማለት ትችላለች። ድግግሞሽ የሚጎዳው ግሱና ቅጽሉ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ቢግ፣ ሁሉም ነገር ጌት፣ ሁሉም ነገር ባድ ሲሆን።

የሺ የጠየቅሽው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ነው። ፈተና ላይ ተቀምጠሽ አታመጪውም። አስቀድመሽ ጥንድ ጥንዱን ይዘሽ ነው የምትገቢው። እኔ ተማሪዎቼን የማሠራው እንዲህ ነው። ደብተር ላይ «ቢግ እኩል ይሆናል» እያሉ ሲኖኒም መደርደር የለም። የገጹ ራስ ላይ አንድ ስም ይጻፋል፣ ፕሮብለም እንበል። ከዚያ ስልክሽን ክፈቺና SkELL የሚባለውን ፈልጊ፣ ነጻ ነው፣ ምዝገባም የለውም።

```
skell.sketchengine.eu
```

ፕሮብለም ብለሽ ጻፊና Word sketch የሚለውን ንኪ። ከስሙ ጋር የሚውሉትን ግሶች በአንድ ሳጥን፣ ቅጽሎቹን በሌላ ሳጥን ያሳይሻል። ከግሶቹ መካከል ሶልቭ፣ ፌስ፣ ኮዝ፣ አድሬስ፣ ታክል የመሳሰሉትን ታገኛለሽ። ሁሉንም አትገልብጪ! አራት ምረጪ፣ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ግን እወቂ። ሶልቭ ጨርሶ መፍታት ነው። አድሬስ ትኩረት ሰጥቶ ሥራውን መጀመር ነው። ታክል ችግሩን ፊት ለፊት ገጥሞ መታገል ነው፣ ማሸነፉ ገና አይታወቅም። አሊቪዬት ማቅለል ነው፣ ችግሩ አለ፣ ክብደቱ ግን ቀንሷል።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። እምቦጭ በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ሰው በዘመቻ በእጁ እየነቀለ ነው፣ ማሽንም ገብቷል፣ አረሙ ግን ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ መንግሥት ፕሮብለሙን ሶልቭ አደረገ ብትዪ ውሸት ነው። ታክል እያደረገ ነው ብትዪ ልክ ነው። ቃሉን ከፍ ያደረገው እውነቱ ነው፣ ፈታኙም ትክክለኛነት የሚለው ይሄንን ነው።

ናቲ_12ኛ

መምህር ለማትሪክስ ይሄ ይሠራል? እኛ ጋ «ከተሰመረበት ቃል ጋር የሚቀራረበውን ምረጥ» ነው የሚመጣው። ስንት ሲኖኒም ብይዝ ይበቃኛል?

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

ናቲ ያንተ ሌላ ነው። አንተ ከተሰጠህ መርጠህ ታጠቁራለህ፣ የሺ ከባዶ ወረቀት ትጽፋለች። ላንተ መቀራረቡን ማወቅ ይበቃሃል፣ ብቻ ዓረፍተ ነገሩን ሳታነብ እንዳትመርጥ። እሷ ግን ልዩነቱን ነው ማወቅ ያለባት። በልዩነቱ ነው የምትያዘው።

የሺ_ሽምብጥ

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ፕሮብለም፣ ሌክ፣ ፊሽ እና ጀልባ የሚሉትን አራት ስሞች ወስጄ ጥንዶቻቸውን ፈለግኩ። እንዲህ ሆኗል፦

እምቦጭ ለሐይቁ ዳር ነዋሪ ሲሪየስ ፕሮብለም ነው። በፍጥነት ፕሮሊፈሬት እያደረገ ሐይቁን ቾክ ያደርጋል። ዊድ ከሐይቅና ከወንዝ ጋር ሲውል ቾክ የሚለው ሲመጣ አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ በእኛም አንቆ ያዘው እንላለን አይደል? የጀልባ መተላለፊያ ብሎክ ያደርጋል። የዓሣ አጥማጆች ካች ዲክላይን አድርጓል፣ አንዳንዶቹም ላይቭሊሁዳቸውን ሉዝ አድርገዋል። ማኅበረሰቡ በዘመቻ ከአረሙ የተወሰነውን ኢራዲኬት አድርጓል።

ኪል የሚለውን አውጥቼዋለሁ። ከውኃው ኦክስጅን ይቀንሳል ብዬ ልጽፍ አስቤ ቃሉ ስላልመጣልኝ ተውኩት።

ዳዊት_ፖሊ

ኦ! ይሄማ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። ግን አካዳሚክ የሚባል ቃል የት አለ? ቾክ፣ ብሎክ፣ ካች፣ ሉዝ... ፈታኙ «ይቺ ልጅ መሠረታዊ ቃል ብቻ ነው የምታውቀው» አይልም? ባንድ 7 የሚፈልግ ሰው ብዙም ያልተለመዱ ቃላት ማሳየት አለበት፣ ይሄ እኮ መመዘኛው ላይ ተጽፏል።

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

መመዘኛውን ማንሣትህ ጥሩ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ባንድ 7 ላይ ብዙም ያልተለመዱ ቃላት ይላል፣ ከእሱ ጋር ግን የአጻጻፍ ለዛንና የቃላትን መጎዳኘት ማወቅ ይላል። ባንድ 6 ላይ ደግሞ ስለ ደፋር ጸሐፊ ተጽፏል፣ ሰፊ ቃላት ይጠቀማል፣ ስሕተቱ ግን ይበዛል የሚል። የየሺ የመጀመሪያ ሙከራ ቁጭ እዚያ ላይ ነው። ሐይቅን ቾክ ማድረግ አጭር ቃል ነው፣ ግን የሲኖኒም ዝርዝር የሸመደደ ሰው አያገኘውም፣ ያነበበ ሰው ነው የሚያገኘው። ላይቭሊሁድም እንደዚያው።

የሺ፣ አንድ ቦታ ብቻ ላርምሽ። ኢራዲኬት ከሥሩ ነቅሎ ማጥፋት ነው፣ ዘር አለማስቀረት። «የተወሰነውን ኢራዲኬት አደረጉ» ካልሽ «በከፊል ሙሉ በሙሉ አጠፉ» እንደማለት ነው። ሪሙቭ በቂሽ ነው። ኢራዲኬትን ከወደድሽው ለመሞከር አድርጊው፣ ኢራዲኬት ሊያደርጉት እየጣሩ ነው በይ።

የኦክስጅኑን አትተዪው፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ዲፕሊት ኦክስጅን በይ። ቀስ በቀስ እየወሰዱ ማመንመን ነው፣ ከኦክስጅን ጋር በደንብ ይሄዳል። እንዲህ ይሁን፦ «ዘ ዊድ ዲፕሊትስ ኦክስጅን ኢን ዘ ዎተር።» ያልተለመደ ቃል ፈልገህ ነበር ዳዊት፣ ይኸውልህ። ግን በቦታው ነው የገባው።

ዳዊት_ፖሊ

እሺ ዲፕሊት ላይ ተረታሁ። ኢራዲኬት ላይ ግን አልስማማም። ዜና ላይ በከፊል ኢራዲኬት አደረጉ የሚል አንብቤያለሁ። ፈታኙም ሰው ነው፣ ያን ያህል አይመረምርም።

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

ልታነብ ትችላለህ፣ ጋዜጠኛም ያደርገዋል። ለዜና የተፈቀደ ሁሉ ለፈተና ይሆናል አልልም። አንተ ግን በራስህ ጽሑፍ ሞክረው፣ ውጤቱ ያንተ ነው።

ብርቱካን_ነርስ

እኔ የመምህርን ዘዴ በራሴ ስም ሞከርኩት፣ ፔይን በሚለው። ሲቪየር፣ ማይልድ፣ ክሮኒክ፣ ሻርፕ፣ ሁሉም ወጡ። በጣም የተለያዩ ናቸው እኮ! እስከ ዛሬ ሁሉንም ባድ ፔይን ስል ነበር። ሕመምተኛው ባሰበት ለማለት ዲቴሪዮሬት የሚለውን ልጠቀም አስቤ ነበር፣ ፔይን ዲቴሪዮሬት ያደርጋል ይባላል?

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

ፔይን አይልም። ዲቴሪዮሬት የሚያደርገው ደኅና የነበረ ነገር ነው፣ ሲበላሽ። ስለዚህ የሕመምተኛው ኮንዲሽን ዲቴሪዮሬት አደረገ ይባላል፣ ሄልዙም እንደዚያው። ሕመም ራሱ መጥፎ ስለሆነ ዎርስን ያደርጋል እንጂ አይበላሽም። ዎርስን ደግሞ መደበኛ ቃል ነው፣ ደብዳቤ ላይ ብትጽፊው አታፍሪም።

ባለታንኳ

ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ነኝ። ልጄ ናት ይሄን ያነበበችልኝ። እምቦጩን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም፣ ግን አረሙ የሚብሰው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል በእነ ደምቢያና ፎገራ ዳር ነው። ጣና ሁሉ የተሸፈነ አስመስላችሁ አትጻፉ።

የሺ_ሽምብጥ

አባባ እውነትዎን ነው! እኔ ሐይቁን ቾክ ያደርጋል ብዬ ነው የጻፍኩት። የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዬ አስተካክለዋለሁ። መምህር፣ ሌክ በሚለው ፋንታ ሾር ካልኩ ቾክ ከሱ ጋር ይሄዳል?

መምህር_ጊዮርጊስ_ሰፈር

አይሄድም፣ የሚታነቀው ውኃው ነው እንጂ ዳርቻው አይደለም። ወይ ሻሎው ዎተርስ በይና ቾክን አቆይው፣ ወይ ደግሞ ሾርን ይዘሽ ከቨር በይ። ሁለቱንም SkELL ላይ አስገብተሽ እዪና የትኛው እንደሚሻልሽ ነገ ጻፊልን።

ዳዊት_ፖሊ

እኔ ሻሎው ዎተርስን ነው የምመርጠው። ግን የሺ፣ 570ውንም እንዳትጥይው እሺ? ለሪዲንግ ያስፈልግሻል።